ለሸክላ ውሃ ማጣሪያችሁ የ1 ደቂቃ አኒሜሽን ማስታወቂያ ልሥራላችሁ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ?

እኔ አኒሜሽን ነው የምሠራው፣ ድምፅና ሙዚቃውን ደግሞ ጓደኛዬ ይሠራል። የናንተን ማጣሪያ እኛ ቤት እየተጠቀምንበት ነው፣ በጣም ወደነዋል፣ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ሁለት ጥያቄ አይቀርም፣ "ይሄ ሸክላ እንዴት ነው የሚያጣራው?" እና "ለምንድነው እንደዚህ ቀስ የሚለው?"። ፎቶዎቻችሁ ቆንጆ ናቸው፣ ግን ከውጪ ሲታይ ክዳንና ቧንቧ ያለው ባልዲ ነው የሚመስለው፣ ዋናው ሥራ ያለው ሸክላው ውስጥ ስለሆነ ካሜራ አያየውም። አኒሜሽን ግን እዛ ድረስ ይገባል።

ያሰብኩትን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ደፍረስ ያለ ውሃ ትገለብጣለች፣ ከዛ እኛ ከአንዷ ጠብታ ጋር አብረን ሸክላው ውስጥ እንገባለን። ከጭቃው ጋር የተደባለቀው ሰጋቱራ እሳት ላይ ተቃጥሎ ሲያልቅ የተዋቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች እናያለን፣ ጠብታዋ በነሱ እየተጠማዘዘች እየተሹለከለከች ስትሄድ ድፍርሱና ባክቴሪያው ግድግዳው ላይ እየተያዘ ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ ጠብ ትላለች፣ ልጅቷም ብርጭቆዋን ትሞላለች። ይሄን ያየ ሰው ለምን ቀስ እንደሚል ማንም ሳይነግረው ይገባዋል፣ አሁን እንደ ድክመት የሚታይባችሁ ነገር ያኔ መሸጫችሁ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ካሁኑ ልበል፣ "ጀርም በሙሉ ያጠፋል" የሚል ቃል ባናስገባ ይሻላል። ቫይረስ ከባክቴሪያ በጣም ስለሚያንስ ሸክላው ብቻውን አስተማማኝ አድርጎ አይዘውም፣ ስለዚህ ላብራቶሪ ያረጋገጠላችሁን ብቻ እንናገር፣ እሱም በቂ ነው።

አሠራሩን በተመለከተ፣ 1 ደቂቃ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሰላ 1440 ፍሬም ነው፣ እና ካለቀ በኋላ "ልጅቷ ትቀየር" ቢባል ብዙ ሥራ ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪፕቱንና ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል የሚያሳየውን ስቶሪቦርድ አሳያችኋለሁ፣ የፈለጋችሁትን እዛ ላይ ቀይሩ፣ እሺ ስትሉ ብቻ ነው ማንቀሳቀስ የምጀምረው። ብዙ ሰው ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ ጽሑፍ ከሥር ይኖረዋል፣ በቁመትም በወርድም አዘጋጅቼ እሰጣችኋለሁ። ስቶሪቦርዱ ከጸደቀ በ5 ሳምንት ያልቃል፣ ክፍያው ግማሹ ሲጀመር ግማሹ ስናስረክብ ነው፣ ዋጋውን ስንነጋገር በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ጠብታዋ ሸክላው ውስጥ የምትገባበትን ቦታ በ6 ሥዕል ሠርቼ አያይዤዋለሁ፣ ለሱ ምንም አትከፍሉም። ካያችሁት በኋላ ሀሳቡ ከተመቻችሁ በዚሁ ኢሜይል መልሱልኝ፣ ከተቻለም ሸክላው ከምድጃ የሚወጣበትን ቀን ንገሩኝና መጥቼ ልይ፣ ቀለሙን ከትክክለኛው ላይ ነው መውሰድ የምፈልገው።

ከአክብሮት ጋር