ሳምንታዊ የሥራ ሁኔታ፦ የአባላት የስልክ መተግበሪያ ከጥር 25 ወደ የካቲት 16 ተዛውሯል

ቀን፦ ዓርብ፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ፦ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣ የብድር ኮሚቴ፣ የፋይናንስ መምሪያ፣ የአምስቱ ቅርንጫፎች ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ፣

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሰኞ ጥር 25 ለቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላት እንከፍተዋለን ያልነው የስልክ መተግበሪያ በዚያ ቀን አይከፈትም። አዲሱ ቀን ሰኞ የካቲት 16 ነው፤ ሦስት ሳምንት ዘግይተናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የማንም አባል ገንዘብ አልተነካም፣ የጠፋ መዝገብም የለም። ቅርንጫፎች ነባሩን ሲስተም እንደ ወትሮው እየተጠቀሙ ይቀጥላሉ።

ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አለ። ባለፈው ዓርብ በላክሁላችሁ ኢሜይል ላይ «ሁሉም በዕቅዱ መሠረት እየሄደ ነው» ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ምልክት ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ አይተነዋል። በሁለት ቀን ይስተካከላል ብዬ ስላሰብኩ አልጻፍኩላችሁም። መጻፍ ነበረብኝ። የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ለአባላት ቀን ቆርጣችሁ ተናግራችኋል፤ አሁን መልሳችሁ ማስረዳት የእናንተ ዕዳ ሆኗል። ለዚህ ከልብ ይቅርታ።

የዘገየንበት ምክንያት ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የአባላት ስም ነው። ከነባሩ ሲስተምና ከቅርንጫፎች የኤክሴል መዝገብ የ18,400 አባላትን መረጃ ወደ አዲሱ አዛውረናል። አንድ አባል በሁለት ቅርንጫፍ ሲቆጥብ ስሙ ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት አልተጻፈም። አንዱ ጋ «ፀሐይ ኃይሉ»፣ ሌላው ጋ «ጸሃይ ሀይሉ» ተብሎ ገብቷል። ለእኛ ያው ስም ነው፤ ስናነበው ልዩነቱ ጆሯችን ላይ እንኳ አይሰማም። ለኮምፒውተር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ አንዱን አባል ሁለት ሰው አድርጎ መዘገበው፤ ቁጠባውም ለሁለት ተከፈለ።

ይህን ያወቅነው አዳማ ቅርንጫፍ ላይ ከእውነተኛ አባላት ጋር ስንሞክር ነው። አንዲት ነጋዴ እናት የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ደብተሩ 48,350 ብር ይላል፤ ስልኩ 21,900 ብር አሳያቸው። ደብተሩንና ስልኩን ጎን ለጎን አስቀመጡና «ልጄ፣ ታዲያ የቱን ልመን?» አሉን። ቀሪው ብራቸው በሌላ የስማቸው አጻጻፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። እዚያው አሳየናቸው፣ ተረጋግተውም ሄዱ። ለእኔ ግን ቀኑን ለማዛወር ያ ጥያቄ ብቻውን በቂ ነበር። ብር በብር ሲቆጥቡ ለኖሩ ሰዎች የተሳሳተ ቁጥር ማሳየት አንችልም፤ አንድ ቀንም ቢሆን።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ስህተት ደግሞ ጊዜያችንን በልቶታል። ቶሎ ለመጨረስ ብለን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርገን ስሞቹን በራስ-ሰር አዋሃድን። የተከፈሉት መዝገቦች ተገናኙ፤ ነገር ግን 37 የተለያዩ ሰዎችም ከሌላ ሰው ጋር ተዋሃዱ። የስምና የአባት ስም መገጣጠም እኛ አገር ብርቅ አይደለም፣ አንድ ስልክ የሚጋሩ ባልና ሚስት ወይም እናትና ልጅም ብዙ ናቸው። ይህ የሆነው በሙከራው ቅጂ ላይ ብቻ ነው፤ ወዲያውኑ መልሰነዋል። ግን አንድ ውሳኔ ወሰንን፦ ፕሮግራሙ የሚጠረጠሩትን ለይቶ ያቀርባል እንጂ አያዋህድም። የሚያዋህደው ሰው ነው፤ የአያት ስም፣ የአባልነት ቁጥር፣ የፊርማ ካርድና የፋይዳ መታወቂያ አይቶ፣ አስፈላጊ ሲሆንም አባሉ ጋ ደውሎ።

የሚጠረጠሩት መዝገቦች 1,126 ናቸው። በዚህ ሳምንት ሁለት ሰዎቻችን በሦስት ቀን 214 አጣርተዋል። የቀሩት 912 ናቸው። ፍጥነቱ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ቀላል ቀላሉን ነው ያስቀደምነው። የቀረው ስልካቸው የማይሠራ፣ ካርዳቸው የደበዘዘ፣ አካባቢ የቀየሩ አባላት ያሉበት ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው በቀን 15 መዝገብ ብቻ ነው ያሰብኩት። ከየቅርንጫፉ አንድ አንድ ሠራተኛ ብታግዙን፣ ከእኛ ሁለት ጋር ሰባት እንሆናለን። ዘጠኝ የሥራ ቀን ይበቃናል፤ ከሰኞ ጥር 25 እስከ ሐሙስ የካቲት 5 ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጳጉሜን ናት። አዲሱ ሲስተም የብድር መክፈያ ቀንን የሚያሰላው ከመጀመሪያው መክፈያ ቀን ላይ «አንድ ወር»፣ «ሁለት ወር» እያለ በመጨመር ነው። ነሐሴ 30 የሚከፍል ተበዳሪ ቀጣይ ቀኑ «ጳጉሜን 30» ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጳጉሜን 5 ቀን ስለሆነች ሲስተሙ ትርፉን ቆጥሮ መስከረም 25 ላይ አሳረፈው። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ መስከረም 30ን ሌላ መክፈያ አድርጎ ይጠይቃል። ሰውየው በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ክፈል ይባላል፣ በዓመትም 13 ክፍያ ይሆንበታል። ከመስከረም የሚያልፉ 412 ብድሮች ላይ ይህ ታይቷል። ገና ሰባት ወር ቀርቶት ለምን አሁን? የምትሉ ትኖራላችሁ። አባሉ መተግበሪያውን በከፈተ የመጀመሪያ ቀን የብድሩን ሙሉ የክፍያ ሰሌዳ ስለሚያይ ነው።

የቀኑን ስሌት አስተካክለነዋል። የዘንድሮዋን የ5 ቀን ጳጉሜንም ሆነ የ2019ኟን የ6 ቀን ጳጉሜን በትክክል ይቆጥራል። ያልተፈታው የወለድ ጉዳይ ነው፤ እሱ ደግሞ የእኛ ውሳኔ አይደለም። የብድር ውሉ «በየወሩ» ይላል እንጂ ስለ ጳጉሜን ምንም አይልም። እስካሁን አንዳንዱ ቅርንጫፍ የጳጉሜንን ቀናት ወለድ ሲያስብ፣ ሌላው ሳያስብ በእጅ ሲሠራ ኖሯል። ኮምፒውተር ግን አንዱን መምረጥ አለበት።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ በጳጉሜን ክፍያም ወለድም ባይኖር እመርጣለሁ። አብዛኛው ተበዳሪያችን ደመወዝተኛ ነው፣ ደመወዝ ደግሞ በዓመት 12 ጊዜ ነው የሚገባው። ለአባል ለማስረዳትም ይህ ይቀላል። ሆኖም ማኅበሩ የሚያጣውን የወለድ ገቢ ፋይናንስ መምሪያ እያሰላ ነው። ሰኞ ይደርሳችኋል፤ ቁጥሩን አይታችሁ ወስኑ።

ሦስተኛ ትንሽ ነገር ነበረች፣ ተፈትታለች። የክፍያ ማስታወሻ መልእክት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲላክ አዘን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተላከ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ገብቶ በፈረንጅ አቆጣጠር ተነቦ ነው። የደረሰው ለሙከራ ስልኮች ብቻ ነው።

የቀረው ሥራ ደህና ነው። በስልክ ገንዘብ መክፈልና ማስገባት ፈተናውን አልፏል። የደኅንነት ፍተሻውም ተጠናቋል። የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ገጾች ዝግጁ ናቸው።

ከዚህ በኋላ የምንሄድበት መንገድ እንዲህ ነው። እስከ የካቲት 5 ስሞቹ ይጣራሉ። ዓርብ የካቲት 6 ከቅርንጫፍ ኃላፊዎች ጋር ቁጥሩን አብረን እናያለን። ሰኞ የካቲት 9 አዳማ ላይ ብቻ ለአባላት እንከፍታለን፤ አንድ ሳምንት ሙሉ የእያንዳንዱን ቀን ሂሳብ ከነባሩ ሲስተም ጋር እናመሳክራለን። አንድ ብር ልዩነት ከታየ ምክንያቱን ሳናውቅ አንቀጥልም። ሁሉም ልክ ከሆነ የካቲት 16 ሀዋሳ፣ ጅማ፣ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ይከፈታሉ።

ለምን የካቲት 16? በቀጣዩ ሰኞ፣ የካቲት 23፣ የዓድዋ በዓል ነው። ከ25 ጀምሮ ደግሞ የደመወዝ ሰሞን ነው፤ ከመሥሪያ ቤቶች የሚቆረጠው ወርሃዊ ቁጠባ የሚገባበት። በዚያ ግርግር መሀል አዲስ ሲስተም መክፈት አልፈልግም። ከ16 ካለፍን የሚቀጥለው አመቺ ቀን መጋቢት ውስጥ ነው።

ቀኑን ለመጠበቅ አንድ ነገር ቀንሰናል። በስልክ የብድር ማመልከቻ ማስገባት በዚህ ዙር አይኖርም፤ ወደ ቀጣዩ ዙር ተሸጋግሯል። ብድር ኮሚቴው በጣም ሲጠብቀው እንደነበር አውቃለሁ። ነገር ግን የመበደር መብት የሚሰላው ከቁጠባ መጠን ነው። ቁጠባው ሳይጣራ ማመልከቻ ብንቀበል መብት ያለውን ልንከለክል፣ የሌለውን ልንፈቅድ እንችላለን።

ተጨማሪው ወጪ 186,000 ብር ነው። አብዛኛው ነባሩን ሰርቨር አንድ ወር ለማቆየት፣ ቀሪው ለትርፍ ሰዓትና ለስልክ ጥሪ ነው። ከፕሮጀክቱ መጠባበቂያ ይሸፈናል፤ አዲስ በጀት አንጠይቅም።

ያሰጋኝ የስሙ ማጣራት ነው። የካቲት 6 ላይ ከ1,126ቱ 90 በመቶው ካልተጣራ፣ አዳማ በቀኑ ይከፈታል፣ ሌሎቹ አራቱ ግን ይቆያሉ። ያንን የካቲት 7 ቅዳሜ ጠዋት እጽፍላችኋለሁ፤ ዜናው መጥፎም ቢሆን። ተጠርጥረው እስከ መጨረሻው ያልተጣሩ አባላት መተግበሪያውን ሲከፍቱ ሂሳብ አይታያቸውም፤ «መዝገብዎ እየተጣራ ስለሆነ እባክዎ ቅርንጫፍዎን ያነጋግሩ» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። ከተሳሳተ ቁጥር ይህ ይሻላል።

ከእናንተ የምፈልገው፦

የቅርንጫፍ ኃላፊዎች፣ እስከ ሰኞ ጥር 25 ጠዋት የምትመድቡትን ሠራተኛ አሳውቁኝ። ነባር አባላትን በመልክ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል፤ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ የስልክ ጥሪ ይቆጥብልናል።

ቦርዱና ብድር ኮሚቴው፣ የጳጉሜንን ወለድ ጉዳይ እስከ ረቡዕ ጥር 27 ወስኑልን። ከዚያ ካለፈ 412ቱን ብድሮች ዳግም አስልቶ ለመፈተሽ ጊዜ አይኖረንም፤ የአዳማው ቀንም ይገፋል።

መስኮት ላይ አባላት ሲጠይቁ ደግሞ እውነቱን ንገሯቸው፦ «የእያንዳንዱን አባል ቁጠባ ከመዝገቡ ጋር እያመሳከርን ስለሆነ የካቲት 16 ይከፈታል። ገንዘብዎ በቦታው ነው፤ ደብተርዎ እንደ ድሮው ይሠራል።» ደብተሩን እንዳይጥሉ አደራ በሏቸው፤ ለማጣራቱ ራሱ እየረዳን ነው።

ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ዋናው መሥሪያ ቤት የስብሰባ አዳራሽ እገኛለሁ። ጥያቄ ያለው መምጣት ወይም መደወል ይችላል። ቀጣዩ ሳምንታዊ ኢሜይል ዓርብ ጥር 29 ይደርሳችኋል፤ ከ912ቱ ስንት እንደቀረ መጀመሪያው መስመር ላይ ታገኙታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመተግበሪያው ፕሮጀክት አስተባባሪ