እንቦጭ፣ ቅንጬ አረምና ፕሮሶፒስ በአዋሽ ተፋሰስ፦ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት፣ በጭብጥ የተደራጀ

ባለፈው የላክሁላችሁን ረቂቅ ተዉት። እሱ ላይ "እገሌ በዚህ ዓመት እዚህ ቦታ አጠና፣ ይህን አገኘ" እያልኩ ከላይ እስከ ታች ደርድሬ ነበር። አማካሪዬ አንብበው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "ማን ከማን ጋር ነው የሚስማማው? የማይስማሙትስ የቱ ላይ ነው?" መልስ አልነበረኝም። ሁሉንም ወረቀት አንብቤአለሁ፣ ግን አንዱን ከሌላው ጎን አስቀምጬ አላየሁም። ስለዚህ በአረም ዓይነትም በዓመተ ምሕረትም መደርደሩን ትቼ በጉዳት ዓይነት እንደገና ጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ውሃ

እንቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1965 ነው፤ እዚሁ አጠገባችን፣ ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ወንዝ ላይ። የቆቃ ግድብ ሥራ ከጀመረ ገና አምስት ዓመት ገደማው ነበር። አገሩ በሙሉ ስለ እንቦጭ ማውራት የጀመረው ግን ጣና ላይ በ2011 ከታየ በኋላ ነው። ውሃውን ሲሸፍን ብርሃን ወደ ታች አይዘልቅም፣ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ጀልባ አያልፍም፣ መረብ አይጣልም። በዚህ ላይ ጥናቶቹ ብዙም አይለያዩም።

ልዩነት ያለው ከእንቦጭ ወጥተን ወደ ፕሮሶፒስ ስንሄድ ነው። ፕሮሶፒስ የብስ ላይ የሚበቅል እሾሃማ ዛፍ ስለሆነ በመጀመሪያው ረቂቄ ከግጦሽ ጋር ብቻ ነበር ያያያዝኩት። ትልቅ ስህተት ነበር። አፋር ላይ ተሠርቶ በ2021 የታተመ ጥናት አንድ ዛፍ በቀን በአማካይ 7 ሊትር ውሃ እንደሚስብ ለክቷል። ለአንድ ዛፍ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዛፉ በክልሉ የያዘው መሬት 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ስለሆነ፣ ተደምሮ በዓመት ከ3.1 እስከ 3.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። አንዱ አረም ላዩን ሸፍኖ፣ ሌላው ከሥር እየሳበ የዚያኑ የአዋሽን ተፋሰስ ውሃ ነው የሚሻሙት። ሁለቱን በየስማቸው ለያይቼ ብተዋቸው ኖሮ ይህ አይታየኝም ነበር።

እርሻና ግጦሽ

ቅንጬ አረምን በተመለከተ ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ቁጥር አለ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተሠርቶ በ2002 የታተመ ጥናት፣ አረሙ ካልታረመ የማሽላ ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። ብዙዎች "97 በመቶ" የሚለውን ብቻ መዘው ይጽፋሉ። እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር። ዋናው ነገር ግን በ40 እና በ97 መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ጉዳቱ እንደ ዓመቱና እንደ ቦታው ይለያያል ማለት ነው፣ ስለዚህ የሐረርጌውን ቁጥር ቀጥታ አምጥቶ ወለንጪቲ ማሳ ላይ መለጠፍ አይቻልም።

የከብቱ ጉዳይ ደግሞ ሁለቱን አረሞች ያገናኛል። ቅንጬ አረም የበላች ላም ወተቷ ይመራል፣ ግጦሹም በአረሙ ይሸነፋል። ፕሮሶፒስ ግጦሹን ዘግቶ እሾሁ ከብቱን ይወጋል። ፍሬውን ግን ከብቱ ይወደዋል፤ ይበላዋል፣ ዘሩን በፋንድያው ይዞ ይሄዳል፣ በደረሰበት ይዘራዋል። አርብቶ አደሩ መንጋውን ሣር ፍለጋ ሲነዳ፣ ሣሩን የሚያጠፋውን ዛፍ አብሮ እያጓጓዘ ነው። ይህን የሚገልጹት ጥናቶች ስለ ዘር ሥርጭት እንጂ ስለ ኑሮ የተጻፉ አይደሉም። እኔ ግን እዚህ ያመጣኋቸው ቦታቸው እዚህ ስለሆነ ነው።

ጤና

ይህ ክፍል አጭር ነው፣ ማስረጃውም እኩል አይደለም። ጠንካራው ከማሊ የመጣው ነው፤ በ2017 የታተመ ሙከራ። ተመራማሪዎቹ በአንዳንድ መንደሮች የፕሮሶፒስን አበባ ያለባቸውን ቅርንጫፎች አስቆረጡ፣ በሌሎቹ ተዉት። አበባው በተወገደባቸው መንደሮች የወባ ትንኝ ቁጥር በ70 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ትንኟ ከአበባው ስኳር ነው የምትመገበው። ከኬንያ በኩል ደግሞ በ2010 የታተመ ጥናት በቪክቶሪያ ሐይቅ የእንቦጭ መስፋፋትንና የኮሌራ ሕሙማንን ቁጥር አያይዞ አቅርቧል። ይህ ግን ግንኙነት ብቻ ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዳመጣ አያረጋግጥም። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር "አረም በሽታ ያመጣል" ብሎ መጠቅለል ለማሊው ሙከራም ለአንባቢውም ፍትሐዊ አይደለም። ቅንጬ አረም ቆዳ እንደሚያሳክክና አስም እንደሚቀሰቅስ በብዙ አገር ተመዝግቧል፤ በእጁ የሚያርም ገበሬም ይነግራችኋል።

ለማን ጉዳት፣ ለማን ጥቅም

ጥናቶቹ በእውነት የሚጋጩት እዚህ ነው። ፕሮሶፒስ አፋር የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ፣ በበጎ ሐሳብ ነው፤ ጥላ እንዲሆንና አፈር እንዲይዝ። ከሰል፣ ማገዶና የከብት መኖ እንደሚሆን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ኑሮ አፈረሰ የሚሉም አሉ። ተራ በተራ ሲነበቡ አንዱ ወገን የተሳሳተ ይመስላል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የጠየቁት ሰው እንደሚለያይ ይታያል። ከሰል የሚሸጠው ሰውና ግመሉን የሚያሰማራው ሰው ስለ አንድ ዛፍ አንድ መልስ ሊሰጡ አይችሉም። ስለዚህ በእኔ እምነት "ጠቃሚ ነው ወይስ ጎጂ?" የሚለው ጥያቄ ራሱ መለወጥ አለበት።

ቁጥጥር

ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እንቦጭ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጣም ቀንሷል። አንዱ ወገን ምክንያቱ እንቦጭን እንዲበሉ የተለቀቁት ነቀዞች ናቸው ይላል፣ ሌላው የ1997–98ቱን የኤልኒኖ ደመናና የብርሃን እጥረት ይጠቅሳል። ክርክሩ ለእኛ ትርጉም አለው፤ ነቀዝ አምጥተን ቆቃ ላይ ብንለቅ ምን እንጠብቅ የሚለውን ይወስናል። በቅርባችን፣ ወለንጪቲ አካባቢ፣ ቅንጬ አረምን የሚበሉ ጥንዚዛዎች ተራብተው ተለቀዋል። ፕሮሶፒስ ደግሞ ከመሬት በላይ ብቻ ከተቆረጠ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከሰል አክሳዩ ሥሩን ካላወጣ ዛፉ በዝቶ ይመጣል። "በመጠቀም እንቆጣጠረው" የሚለው ሐሳብ የሚወድቀውም የሚነሳውም በዚህች ነጥብ ነው።

ክፍተቱ

ያነበብኳቸው ጥናቶች አብዛኞቹ አንድ አረም፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ጉዳት ይዘው ነው የሚሄዱት። ከአዳማ ወጥታችሁ በወለንጪቲ ወደ መተሐራ የሚወስደውን መንገድ አስቡት። እዚያ አንድ ቤተሰብ ማሽላ ይዘራል፣ ፍየል ያረባል፣ ከአዋሽ ውሃ ይቀዳል። ማሳው ላይ ቅንጬ አረም፣ ግጦሹ ላይ ፕሮሶፒስ ሊያጋጥመው ይችላል፤ የሚቀዳው ወንዝም እንቦጭ ካለበት ከቆቃ የሚወርድ ነው። የእኔ የጥናት ጥያቄ ከዚህ ይነሳል፦ ሁለትና ሦስቱ አረሞች በአንድ ቤተሰብ ላይ ሲደራረቡ ቤተሰቡ ጉልበቱንና ገንዘቡን መጀመሪያ የትኛው ላይ ያውላል፣ የትኛውንስ ይተዋል?