ለእታለም፣ ከሁላችንም

ነገ ለሥራ ወደ ጅዳ ልትሄጂ ነውና፣ ይህን የጻፍነው ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስበን ነው። የማነበው እኔ ነኝ። አንቺ ዝም ብለሽ ስሚ።

ትናንት ማታ ሻንጣሽ ሲመዘን ሲመዘን፣
ኪሎው አለፈ አልፎም አስደነገጠን፤
እማዬ ግን በርበሬውን አልነካም አለች፣
ጫማሽን አስወጥታ ጭኮ አከለች።
«በርበሬ ጅዳም አለ» ብሎ አባዬ ቢላት፣
«የኔ እጅ የደለዘው የት አለና?» አለች፣ እኛም ዝም አልናት።

ከደሴ ፒያሳ ሸዋ በር፣ ከአራዳ ቧንቧ ውሃ፣
እግርሽ የለመደው ዳገት ነው፣ አያውቅም በረሃ፤
የጦሳን ብርድ ጋቢ ደርበሽ፣ ደብተር ይዘሽ ወጥተሽ፣
አሳልፈሽዋል፤ ሙቀቱንም አብሽሪ፣ ብርቱ ነሽ።

አሁን የልባችንን እንንገርሽ፣ ሳንሸፋፍን፣
እቴ፣ እኛን ሁሉ በጀርባሽ አዝለሽ እንዳትሄጂብን።
ቆርቆሮው ያፈሳል፣ ያፍስስ፣ ባልዲ እንደቅንበታለን፣
የአባዬን መድኃኒት እኛው ሠርተን እንገዛለን፤
የደከምሽበት ያንቺ ነው፣ በስምሽ ባንክ ይግባ፣
የስፌት መኪናሽም ተሸፍኖ ይቆይ፣ ሱቅሽ እስኪገነባ።

«ደህና ነኝ»ን ደህና ስትሆኚ ብቻ በዪ፣
ከከፋሽ ከፍቶኛል በይን፣ ብቻሽን አትሰቃዪ፤
ደሞዝ ቢይዙብሽ፣ እረፍት ቢከለክሉሽ፣ እጁን የሚያነሳም ካለ፣
ውሌ ሁለት ዓመት ነው ብለሽ እንዳትችዪው፤ ጅዳ ቆንስላችን አለ፣ እኛም አለን፣ ቤትሽም አለ።
የፓስፖርትሽንና የውልሽን ፎቶ ለሁላችንም ልከሻል፣
የቆንስላው ስልክ በእማዬ እጅ ከቦርሳሽ ገበር ውስጥ ተሰፍቶልሻል።
ባዶ እጄን እንዴት እመለሳለሁ ብለሽ እንዳትቀሪ፣
እኛ የምንፈልገው አንቺን ነው፤ መምጣት ስትፈልጊ ብቻ ንገሪ።

ትንሿ «የኔንም ጻፉ» ብላ ቆማብን የጻፍነው ይሄ ነው፦
«ኢሞ ላይ ስትደውዪ ጣራውን አይደለም፣ ፊትሽን ነው የምፈልገው።»

ነገ ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ኤርፖርት ስናደርስሽ፣
እንባ የለም ተባብለናል፤ እማዬን ግን ማን ይከለክላታል፣ ታልቅስልሽ።
ጅዳ ስትደርሺ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ፣ ሰዓት አትዪ፣
ማናችንም አንተኛም፤ «ደረስኩ» በዪ።

ይሄኛው የአያታችን ምርቃት ነው፣ እጃችሁን ዘርጉ፦

የምትገቢበትን ቤት የደግ ሰው ቤት ያድርግልሽ፣
የእመቤቲቱን ልብ አላህ ያራራልሽ፤
ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ እጅ ይሰውርሽ፣
በወጣሽበት እግርሽ፣ በዚሁ ሳቅሽ ይመልስሽ።

አሚን በሉ! አሚን።

በሉ ዶሮው ሳይቀዘቅዝ እጅ ታጠቡ። እታለም፣ የመጀመሪያው ጉርሻ የአባዬ ነው፣ ወደሱ ጠጋ በዪ።