ስለ ፍሪጁና ስለ እናትዎ መድኃኒት ለጻፉልን ቅሬታ የተሰጠ ምላሽ

ለተከበሩ ደንበኛችን፣

እሁድ ማታ የላኩትን ደብዳቤ ዛሬ ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ አነበብኩት። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየተነሱ በእናትዎ ኢንሱሊን ዙሪያ ያለውን በረዶ ይቀይሩ እንደነበር የጻፉት ላይ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ደወልኩልዎ። በስልክ ብዙ ተነጋግረናል። ያም ሆኖ ይህ ጉዳይ በቃል ብቻ መቅረት የለበትም ብዬ ይህን ጻፍኩ። ያጣራሁትን ሁሉ፣ የምናደርገውንም ሁሉ እጅዎ ላይ በጽሑፍ እንዲኖር ፈልጌ ነው።

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አዲስ ፍሪጅ ገዝቶ በ5 ሳምንቱ መበላሸቱ ራሱ ያናድዳል። እርስዎን የጎዳዎት ግን ከዚያ በላይ ነው። የታመመች እናት ቤት ውስጥ አለች፤ መድኃኒቷ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ እርስዎ ስልክ እየደወሉ ሲለምኑ እኛ ዛሬ ነገ እያልን ደጅ አስጠናንዎት። በዚያ ላይ የላክነው ሰው «ፍሪጁ ጤነኛ ነው፣ አጠቃቀምዎ ነው» ብሎ ሄደ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከዚህ የለዘበ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

አሁን ወደ ሆነው ነገር ልምጣ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ የስልክ መዝገቡንና የጥገና ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ነው የዋልኩት።

መጀመሪያ የደወሉት ከሁለት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ዕለት ነው። የተቀዳውን ድምፅ ሰማሁት። እንዲህ ነው ያሉት፤ «ከላይ ፍሪዘሩ በረዶ ይሠራል፤ ከታች ያለው ግን ጭራሽ አይቀዘቅዝም።» በወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አይቀዘቅዝም»። ትልቁ ስህተት የጀመረው እዚህ ጋ ነው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ወረድ ብዬ አስረዳለሁ።

የሐሙስ ቀጠሮዎ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ነበር። ቴክኒሻኑ የደረሰው 7 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ከሥራ ቀርተው የጠበቁትን ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ሲያዘገይ ስልክ እንኳ አልደወለም። ቤትዎ የቆየው 14 ደቂቃ ነው። ፍሪዘሩን በእጁ ነካ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘው፣ የቴርሞስታቱን ማዞሪያ ከፍ አደረገና «ይሠራል» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። የታችኛውን ክፍል ሙቀት አልለካም። የኋላውን ሽፋንም አልከፈተም።

ሰኞ እንደገና ደወሉ። ፍሪጁን ሌሊቱን ሙሉ አጥፍተውት እንደነበር፣ ሲያበሩት ሁለት ቀን ደህና ሠርቶ መልሶ እንዳቆመ ነገሩን። ይህንንም በድምፅ ሰምቻለሁ። የተመዘገበው «ደንበኛ በድጋሚ ደውለዋል» የሚል ብቻ ነው። ያለፈው ጉዳይ ተዘግቶ ስለነበር የእርስዎ ጥሪ እንደ አዲስ ተቆጥሮ ከወረፋው መጨረሻ ተሰለፈ። ረቡዕ ሦስት ሰዎች ለ19 ደቂቃ እየተቀባበሉዎት ቆይተው መስመሩ ተቋረጠ። መልሶ የደወለልዎ የለም። ዓርብ ዕለት ደግሞ «በስምዎ የተከፈተ ጉዳይ የለም» ተባሉ። ጉዳዩ ግን ነበር፤ የስልክ ቁጥርዎ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ስለተጻፈ ነው ያልተገኘው። በቁስል ላይ እንጨት ማለት ይህ ነው።

እርስዎ አምስት ጊዜ እንደደወሉ ጽፈዋል። መዝገቡ ላይ ያገኘሁት አራቱን ነው። ይህን የምነግርዎ ልከራከርዎ ፈልጌ አይደለም። ስልኩ ሳይነሳ የተቋረጠ ጥሪ እኛ ጋ አይመዘገብም፤ ስለዚህ የእርስዎን ቃል እቀበላለሁ።

«ያገለገለ ዕቃ ነው የሸጣችሁልኝ» ብለውም ጽፈዋል። ይህንን ጉዳይ ለብቻ አጣራሁት። የፍሪጁ መለያ ቁጥር ከፋብሪካ እንደታሸገ ከገባው ዕቃ ጋር ይገጥማል። ከእርስዎ በፊት ለማንም አልተሸጠም፤ ለማሳያም አልቆመም። አዲስ ነው። አዲስ ሆኖ አንድ ክፍሉ ተበላሽቷል። በዚህ ላይ እውነቱን ካልነገርኩዎት ሌላውን ሁሉ ለማመን ይቸገራሉ ብዬ ነው የጠቀስኩት።

ዛሬ ከሰዓት በፈቃድዎ የላክሁት ከፍተኛ ቴክኒሻን ችግሩን አግኝቶታል። እርስዎም አጠገቡ ሆነው አይተውታል። እንደዚህ ዓይነት ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚሠራው ከፍሪዘሩ ሽፋን ጀርባ ነው። ከዚያ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ወደ ታች ትገፋለች። ጀርባው ላይ በረዶ መያዙ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ በየተወሰነ ሰዓቱ ራሱ ያቀልጠዋል። የእርስዎ ፍሪጅ ላይ ይህን የሚያዘው ሴንሰር ተበላሽቷል። በረዶው ሳይቀልጥ ተቆልሎ የአየሩን መውረጃ ደፈነው። ቴክኒሻኑ ሽፋኑን ሲከፍት በረዶው እንደ ግድግዳ ሆኖ ነበር። ፍሪዘሩ ቅዝቃዜው ከሚሠራበት ቦታ አጠገብ ስለሆነ እንደቀዘቀዘ ይቆያል። የታችኛው ክፍል ግን አየር አይደርሰውም። ዛሬ ሲለካ 17 ዲግሪ ነበር። መሆን ያለበት 4 ዲግሪ አካባቢ ነው።

እንግዲህ ያሉትን መለስ ብለው ያስቡት። «ከላይ ይቀዘቅዛል፣ ከታች አይቀዘቅዝም» አሉ። «ሳጠፋው በረዶው ይቀልጥና ሁለት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ያቆማል» አሉ። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ቢሰማ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንኑ ብልሽት ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ብልሽቱን በትክክል ነግረውናል። እኛ ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። ማዞሪያውን ከፍ ማድረግ ደግሞ ለዚህ ምንም አይፈይድም። አጠቃቀምዎ ላይ ምንም ጥፋት አልነበረም። «አጠቃቀምዎ ነው» ያለዎት ባልደረባችን ራሱ ደውሎ ይቅርታ ሊጠይቅዎት ይፈልጋል። ግን ሳይፈቅዱ እንዳይደውል ነግሬዋለሁ። መስማት ካልፈለጉ መብትዎ ነው።

ስለ ኢንሱሊኑ አንድ ነገር ላክል፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው። ሙቀት ሲያገኘው ኃይሉ ሊደክም ይችላል፤ በዓይን ሲያዩት ግን ምንም ላይመስል ይችላል። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ደግሞ ጭራሽ አያገለግልም። በእነዚያ ሌሊቶች በረዶው ከብልቃጦቹ ጋር ተነካክቶ ሊሆን ይችላልና እባክዎ በቤት ውስጥ የቀረ አሮጌ ብልቃጥ ካለ፣ ደህና ቢመስልም፣ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲውን ሳይጠይቁ ለእናትዎ እንዳይሰጡ። አራቱን ጥለው አዲስ እንደገዙ በስልክ ነግረውኛል። ጥሩ አድርገዋል።

አሁን የማቀርብልዎ ይህ ነው። ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ላይ አንድ ትንሽ ፍሪጅ እንልካለን። ለመድኃኒቱ ብቻ ይበቃል፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ እርስዎ ዘንድ ይቆያል። ቴርሞሜትር ውስጡ አለ። በመኪና ተኝቶ ተጉዞ የመጣ ፍሪጅ ወዲያው ስለማይሰካ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ለዚህ ሲባል ከጠዋት ጀምሮ እኛ ዘንድ ቀጥ ብሎ ተሰክቶ ሲቀዘቅዝ ውሏል፤ ሲጫንም ሳይተኛ ነው የሚመጣው። ቢሆንም ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 መሆኑን በዓይንዎ ሳያዩ መድኃኒቱን አያስገቡ። የሚያመጣው ሰው እስከዚያ ድረስ አብሮዎት ይቆያል።

የተበላሸውን ፍሪጅ በተመለከተ ምርጫው የእርስዎ ነው። ሴንሰሩን ቀይረን መጠገን እንችላለን፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔ ግን ይህን አልመክርዎትም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያንን ፍሪጅ በከፈቱ ቁጥር ሊጨነቁ አይገባም። ወይ ረቡዕ ጠዋት በአዲስ እንቀይርልዎት፣ ወይ ሙሉ ገንዘብዎን እንመልስ። የማጓጓዣውን ጭምር ማለቴ ነው። አዲሱን ከመረጡ ዋስትናው ከረቡዕ ጀምሮ እንደገና ይቆጠራል። አሮጌውን የሚያነሱት የእኛ ሠራተኞች ናቸው፤ ማሸጊያ ካርቶኑን ጥለውት ከሆነ አያስቡ፤ አንጠይቅዎትም።

የጣሉትን ኢንሱሊን ዋጋ እንከፍላለን። የፋርማሲ ደረሰኝ ካለ ፎቶውን በስልክ ይላኩልኝ። ከሌለ የባዶ ካርቶኖቹ ፎቶ ወይም ምን ያህል እንደሆነ የጻፉት ቃል ይበቃኛል።

ከሥራ ለቀሩባቸው ሦስት ቀናት የጠየቁትን ካሳ ግን እኔ ብቻዬን መወሰን አልችልም። አዎ ብዬ ተስፋ ሰጥቼ ነገ ብቀር ሌላ በደል ይሆናል። ይገባዎታል የሚል ሐሳቤን ከስልክ መዝገቡ ጋር አያይዤ ለሥራ አመራሩ ዛሬ አቅርቤያለሁ። መልሱ አዎም ይሁን አይደለም፣ እስከ ዓርብ 11 ሰዓት እኔው ራሴ ደውዬ እነግርዎታለሁ።

ቴክኒሻኑ ከሥራ እንዲባረርም ጠይቀዋል። ይህንን አላደርግም። ምክንያቱን ልንገርዎት። ጥፋቱ አለበት፤ ተነግሮታልም፤ ለጊዜው ብቻውን ቤት አይላክም። ነገር ግን «አይቀዘቅዝም» የሚል አንድ ቃል ይዞ ነው የመጣው፤ በዚያ ቀን ዘጠኝ ቤት ተመድቦለት ነበር። ያንን ያደረግነው እኛ ነን። ከዛሬ ጀምሮ ስልክ የሚያነሱ ባልደረቦቼ ደንበኛው ያለውን እንዳለ ይጽፋሉ። ጉዳይ የሚዘጋውም ደንበኛው ራሱ «ተስተካክሏል» ሲል ብቻ ነው።

ጠዋት የደወልኩበት ቁጥር የእኔው ስልክ ነው። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ጋ መደወል፣ ታሪኩንም ከመጀመሪያው መናገር አይኖርብዎትም። እስከ ነገ ማታ ድረስ መቀየሩን ወይስ ገንዘቡን እንደሚመርጡ በአጭር መልእክት ብቻ ይጻፉልኝ። ለማሰብ ተጨማሪ ቀን ከፈለጉ ትንሹ ፍሪጅ እርስዎ ዘንድ ስለሚቆይ አይቸኩሉ።

ለእናትዎ ጤና እመኛለሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ፍሪጁ መድረሱንና ቴርሞሜትሩ ስንት እንደሚያሳይ ልጠይቅዎ እደውላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ