ሐሙስ ለቅሶ ለሚሄዱልን ኃላፊያችን

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ሐሙስ ሐይቅ ሲደርሱ ለሒሳብ ሠራተኛችን የሚሰጡልን መልእክት ይኸው። እኛ ከደሴ ሁላችንም ቢሮ ዘግተን መሄድ ስላልቻልን፣ ሰዉ በየስልኩ የጻፈውን ሰብስቤ አሳጠርኩት። የጻፉትም አንብበው "ይሁን" ብለዋል።

የመጋዘኑ ልጅ ግማሽ ገጽ ነበር የላከው፣ "ሞት ለማንም አይቀርም" እያለ። ለቅሶ ላይ ለተቀመጠ ሰው ስብከት ይከብዳል። እንዲህ ቀረ፦

"እህቴ፣ የአባትሽን ነገር ስሰማ በጣም አዘንኩ። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። ለአንቺም ሶብሩን ይስጥሽ።"

ጸሐፊያችን "በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን" ብላ ጽፋ ነበር። "ለሙስሊም ይሆናል እንዴ?" አለችኝ። ኢብራሂምም ያው አብርሃም ነው፣ ወሎ ላይ ማን ይከፋበታል? ግን እሷ ራሷ ቀየረችው፦

"እህትዬ፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በመልካም ቦታ ያሳርፍልን። አንቺንም እናትሽንም ያጽናችሁ። በረመዳን ለአፍጥር ቤታችሁ ስንመጣ ሳህኔን እየሞሉ 'ብዪ እንጂ ልጄ' ያሉኝን አልረሳም።"

ከሒሳብ ሠራተኛችን አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ የጻፈችው ከሁሉም ረጅም ነው። አባቷ ሲታመሙ በምስጢር ያጫወተቻትንም አንስታለች። እሱ የሁለቱ ጉዳይ ነው፣ በእርስዎ እጅ ባያልፍ ይሻላል ብዬ አወጣሁት። "ቶሎ ነይ" የሚለውንም ሰረዝኩ። ከጓደኛ ሲሆን ናፍቆት ነው፣ በአለቃ በኩል ሲደርስ ግን ጥሪ ይመስላል። የቀረው ይኸው፦

"የኔ እህት፣ አይዞሽ። የወር መዝጊያውን እኔ ይዤዋለሁ፣ ስለ ሥራ እንዳታስቢ። ከእናትሽ ጋር ሁኚ። ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ።"

የጥበቃው አባባ አይጽፉም፣ በቃል ነገሩኝ። እንዳሉት ነው የጻፍኩት፣ አንድም ቃል አልነካሁም፦

"ልጄ፣ አባትሽ ሰኞ ሰኞ ለገበያ ሲመጡ ከዘራቸውን እኔ ጋ አስደግፈው ነበር አንቺን ለማየት የሚገቡት። ሲወጡ 'ጠበቅህልኝ?' ይሉኛል። ያለፈው ሰኞም ዓይኔ በር በሩን ሲያይ ዋለ። አላህ ይዘንላቸው።"

ከሁላችን ስም ደግሞ ይህችን ብቻ ጨመርኩ፦

"እህታችን፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው። አላህ ያጽናሽ።"

"ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን" የሚለውን አልፈለግሁትም፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ይመስላል።

ያዋጣነው ገንዘብ በሌላ ፖስታ ነው፣ ለታላቅ ወንድሟ ቢሰጡልን። ስለሱ በመልእክቱ ውስጥ አልጻፍኩም። ወረቀቱን ግን እባክዎ ለራሷ በእጇ ይስጡልን፣ ሰው ፊት ጮክ ተብሎ እንዳይነበብ። የአባባን ስታነብ ብቻዋን ብትሆን ይሻላል።