ከአንድ ደብር ምዕመናን ጋር ለሚደረግ ቃለ መጠይቅ የተዘጋጀ የሥነ ምግባር ዕቅድ

ይህ ዕቅድ በሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደብር ለሚካሄድ የመስክ ሥራ መመሪያ ነው። ጥናቱ የሚጠይቀው ቤተሰቦች የሲኖዶሱን መከፈልና የሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቅ እንዴት እንዳለፉት ነው፤ ማን ደብር ቀየረ፣ ማን ቀረ፣ ከማን ጋር መነጋገር ተወ። 24 ሰዎች ይጠየቃሉ። አንዱ ቃለ መጠይቅ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ይወስዳል። ጠያቂዎቹ ሁለት ሲሆኑ በዚህ ሰነድ «ተመራማሪ ሀ» እና «ተመራማሪ ለ» ተብለዋል።

አደጋው የሚመጣው ከውጭ አይደለም። ጽሑፉን አንብቦ «ይህችማ እገሌ ናት» የሚለው ሰው አብሮ የሚያስቀድስ፣ በአንድ የጽዋ ማኅበር የሚጠጣ፣ ልጁን ከእርሷ ልጅ ጋር ሰንበት ትምህርት ቤት የሚልክ ነው። የሚከተለው ሁሉ የተቀረጸው ይህን አንባቢ እያሰብን ነው።

ጊዜው

ቃለ መጠይቁ ከጥምቀት ሳምንት በኋላ ተጀምሮ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያልቃል፤ በመካከል የጾመ ነነዌ ሦስት ቀናት ይዘለላሉ። በሑዳዴ ሰው እስከ ከሰዓት ስለሚጾም ይደክማል፤ ከዚያም በላይ ስለ ተጣላው ሰው ማውራት በጾም ወቅት ሐሜት ሆኖ ስለሚሰማው፣ ወይ ይሸሻል ወይ ተናግሮ ይጸጸታል። የሚጸጸትበትን ንግግር መቅዳት አይገባም።

ቦታውን ተሳታፊው ይመርጣል፤ ከሁለት ቦታዎች በቀር። የደብሩ አዳራሽ አይሆንም፤ ማን ገባ ማን ወጣ ይታያል፣ በወር አበባዋ ሳቢያ ወደ ቅጥሩ የማትመጣ ሴትም ምክንያቷን ለማስረዳት ትገደዳለች። ሐበሾች የሚያዘወትሩት ቡና ቤትም አይሆንም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የጥናት ክፍሎች በነፃ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያ ምርጫችን እነርሱ ናቸው።

ፈቃድ ከማን፣ በምን ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ለአስተዳዳሪውና ለሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ ይገባል። የእነርሱ እሺታ በሩን ይከፍታል እንጂ የማንንም ምዕመን ፈቃድ አይተካም፤ ደብዳቤውም ይህን በግልጽ ይናገራል። ሁለት ነገር አስቀድሞ ይነገራቸዋል፦ ማን እንደ ተሳተፈ አይነገራቸውም፣ የቃለ መጠይቁ ቅጂም አይሰጣቸውም። ይህን ካልተቀበሉ ጥናቱ በዚህ ደብር አይካሄድም። «በኋላ እናሳምናቸዋለን» ብሎ መጀመር ተሳታፊውን በመካከል መያዣ ያደርገዋል።

ማስታወቂያውን ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ያነባል። ካህን አያነብም። የንስሐ አባት «ልጆቼ፣ እነዚህን ተባበሯቸው» ካሉ ነገሩ ትእዛዝ ይሆናል፤ እምቢ ያለ ሰው አባቱን እንዳሳዘነ ይሰማዋል። ካህናት ስም እንዲጠቁሙም አይጠየቁም። ፍላጎት ያለው ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ራሱ ይደውላል። የደብሩ የቴሌግራም ወይም የቫይበር ቡድን ለምልመላ አይውልም።

ከሁሉ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። «እማማ፣ እባክዎን» ብሎ የጠየቀ ወጣት ፊት ለፊት «አይሆንም» አይባልም፤ ስለዚህ በግንባር የተሰጠ «እሺ ልጄ» ፈቃድ ተብሎ አይቆጠርም። የሚሠራበት መንገድ ይህ ነው፦ የደወለ ሰው ስለ ጥናቱ ይነገረዋል፣ ወረቀቱ ይላክለታል፣ በዚያው ስልክ ቀጠሮ አይያዝም። ሰባት ቀን ይሰጠዋል። በሰባቱ ቀን መልሶ ካልደወለ ዝምታው እምቢታ ነው፤ እኛ መልሰን አንደውልም፣ ቤተ ክርስቲያን ስናገኘውም አናነሳውም። በዚህ አሠራር ፈቃደኛ የነበሩ ጥቂት ሰዎች በመርሳት ሊቀሩብን ይችላሉ። እንቀበለዋለን።

ፊርማ አይጠየቅም። ለብዙ ተሳታፊዎች መፈረም ማለት ፍርድ ቤትና ጠበቃ ነው፤ ለእኛ ደግሞ የስምና የመለያ ቁጥር ማገናኛው ከተወገደ በኋላ የተፈረመው ወረቀት ሰውየውን ከጥናቱ ጋር የሚያገናኝ ብቸኛው ሰነድ ሆኖ ይቀራል። የአሜሪካ ፌዴራል የጥናት ደንብ (45 CFR 46.117) በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሥነ ምግባር ቦርዱ ፊርማን እንዲያስቀር ይፈቅዳል፤ ማመልከቻው በዚሁ አንቀጽ ይቀርባል። ፈቃዱ በቃል ተሰጥቶ፣ ስም ሳይጠራ ለብቻው ይቀዳል። በሜሪላንድ ሕግ ንግግርን ለመቅዳት የተናጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቨርጂኒያ ከሚኖር ተሳታፊ ጋርም በዚሁ እንሠራለን።

አንድ የቃል ጉዳይ አለ። በተሳታፊዎቹ መካከል «ኢንተርቪው» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የጥገኝነት ጉዳይ የሚሰማበት ቀን ነው። «ጨዋታ ብቻ ነው» ብሎ ማቅለል ደግሞ መደበቅ ነው። ስለዚህ «ለጥናት የሚቀዳ ጭውውት» እንላለን። ጠያቂው የሚከተለውን በቃሉ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ፣ ቀስ ብሎ ያነባል፦

> «ይህ ለጥናት የሚቀዳ ጭውውት ነው። ከኢሚግሬሽን፣ ከመንግሥትም ሆነ ከቤተ ክህነት የመጣን አይደለንም፤ ለጉዳይዎም የምንረዳው ነገር የለም። ስለ መኖሪያ ፈቃድዎ አንጠይቅም፤ እባክዎ እርስዎም አይንገሩን። መመለስ የማይፈልጉትን ጥያቄ ‹ይለፈኝ› ይበሉ፤ ለምን አንልም። መሐል ላይ ቢያቋርጡ የተቀዳውን እዚሁ ፊትዎ እናጠፋለን። ከዛሬ ጀምሮ እስከ 60 ቀን ድረስ ደውለው ‹አውጡኝ› ካሉ እናወጣለን፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ስለሚጻፍ አንችልም። አንድ ነገር ብቻ በምስጢር መያዝ አንችልም፦ ሕፃን እየተጎዳ መሆኑን ከነገሩን የሜሪላንድ ሕግ እንድናሳውቅ ያስገድደናል። አሁን እርስዎ በራስዎ አነጋገር ምን እንደ ተስማሙ ይንገሩኝ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አይዘለልም። «ገባዎት?» ቢባል ሁሉም «አዎ» ይላል። በራሱ አነጋገር ሲናገር ግን «ለቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ነው አይደል?» የሚል ሰው ይገኛል፤ ያኔ ተመልሶ ይነበብለታል።

ለጊዜውና ለመጓጓዣው 30 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፣ ከመቅዳቱ በፊት፤ ቢያቋርጥም አይመልስም። የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍሎች የተከፋዩን ስምና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ሊጠይቁ ስለሚችሉ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በመለያ ቁጥር ብቻ እንዲወራረድ ስምምነት ይፈረማል። ገንዘቡን «ለደብሩ ስጡልኝ» ለሚል ተሳታፊ ራሱ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ እንዲጨምረው እንነግረዋለን፤ እኛ ተቀብለን ካደረስን መሳተፉ ይታወቃል።

ማንነትን መሸሸግ

ስም መቀየር ከሥራው ትንሹ ነው። የደብሩ ስም፣ የታቦቱ ስም፣ ከተማውና የንግሥ ቀኑ አይጻፉም፤ «ኅዳር 12 ንግሣችን» ብሎ የተጻፈ አንድ መስመር የሚካኤል ደብር መሆኑን ለማንም ይናገራል። የምስጢር ስም በተመራማሪው ይመረጣል። ተሳታፊው ራሱ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ የክርስትና ስሙን ወይም የልጁን ስም ይሰጣል፤ የክርስትና ስሙን ደግሞ ካህኑ ያውቀዋል። የተመረጠው ስም በደብሩ ውስጥ የሌላ ታዋቂ ሰው ስም እንዳይሆን፣ የተናጋሪውንም ብሔር ወይም አካባቢ እንዳይጠቁም ይመረመራል።

አማርኛው ራሱ ያጋልጣል። ግሱ ጾታን ይናገራል፤ «አንቱ» የተባለ ሰው ሽማግሌ ወይም ካህን መሆኑ ይገመታል። የወሎ፣ የጎንደር ወይም የጎጃም አነጋገር በአንድ ቃል ይታወቃል። በስብሰባ ላይ ሁሌ አንድ ዓይነት ተረት የሚጠቅስ ሰው ያን ተረት በቃለ መጠይቁም ይጠቅሳል፤ ከተጻፈ ስሙ እንደ ተጻፈ ነው። ስለዚህ በአማርኛ በሚታተመው ቅጂ ቀጥተኛ ጥቅስ አጭርና ከመታወቂያ አነጋገር የጠራ ይሆናል፤ የቀረው በተመራማሪው ቃል ይተረካል። በእንግሊዝኛው ቅጂ አነጋገሩ ስለሚጠፋ ረዘም ያለ ጥቅስ መጠቀም ይቻላል፤ ይህም ሆኖ ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ይነበባሉ፣ የአንዱ ቀዳዳ በሌላው እንዳይገለጥ።

በደብሩ አንድ ሰው ብቻ የያዘው ኃላፊነት አይጠቀስም። «የቀድሞ ሒሳብ ሹም» ስንል ማን እንደ ሆነች ሁሉም ያውቃል፤ «በአስተዳደር ያገለገለች» እንላለን። ይህም ካልበቃ ታሪኩ ይቀራል፤ የተሻለው ማስረጃ ቢሆንም ይቀራል። ሁለት ሰዎችን አዋሕዶ አንድ ሰው መፍጠር ግን አይፈቀድም፤ ያልኖረ ሰው ምስክር አይሆንም።

ባልና ሚስት ከተሳተፉ ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ ቃላቸውም በአንድ ገጽ ላይ አይቀመጥም። ሚስት «ልሄድ ፈልጌ ነበር» ያለችውን ባል የሚያነበው ከዚያ ነው።

መቅጃው ኢንተርኔት የሌለው የድምፅ መቅጃ ነው። ስልክ አይውልም፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ፋይሉን ወደ ክላውድ ሊጭን ይችላል። ፋይሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ተመሰጠረ ዲስክ ይዛወርና ከመቅጃው ይጠፋል። የስምና የመለያ ቁጥር ማገናኛው በወረቀት ላይ ብቻ ሆኖ፣ በተለየ ሕንፃ በተቆለፈ መሳቢያ ይቀመጣል። የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ተመድቦለታል፤ የሚገለብጠው ሰው የደብሩ አባል መሆን የለበትም፣ ድምፅ ይለያልና። ጽሑፉ ከተመሳከረ በኋላ፣ ግን የ60ው ቀን ካለፈ ወዲያ፣ ድምፁም ማገናኛውም ይወገዳሉ። በአሜሪካ የደብር አስተዳደር ጠብ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል፤ መጥሪያ ቢመጣ ሊሰጥ የማይችለው የሌለ ነገር ብቻ ነው።

ጠያቂዎቹ የቆሙበት ቦታ

ተመራማሪ ሀ በሌላ ደብር የሚያገለግል ዲያቆን ነው፤ ያ ደብር በመከፈሉ ዘመን ከወገኖቹ በአንዱ ሥር ነበር። ቋንቋውን፣ ሥርዓቱን፣ ፈሊጡን ያውቃል። ጉዳቱም እዚያው ነው፦ ተሳታፊው «አንተ ታውቀዋለህ» ብሎ ዋናውን ነገር ይዘለዋል፤ ጾም መተዉን ወይም መቁረብ ማቆሙን ለዲያቆን አይናገርም። ስለዚህ «እንደማያውቅ ሰው ይንገሩኝ» ማለት የግድ ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ነጠላ ለብሶ አይሄድም፤ እርሱ ከሚያገለግልበት ደብር የመጡ ሰዎችን አይጠይቅም። የነበረበት ወገን ካልተጠየቀም በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ይነገራል።

ተመራማሪ ለ በጴንጤ ቤተሰብ ያደገች ሴት ናት። ሴቶች ለእርሷ የበለጠ ሊከፍቱ ይችላሉ ብለን እንገምታለን፤ በሌላ በኩል «ልትወስደን መጣች» የሚል ጥርጣሬ ሊነሳ ይችላል። «ሃይማኖትሽ ምንድን ነው?» ስትባል በቀጥታ ትመልሳለች። በቅዳሴ ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላ አጣፍታ በሴቶች በኩል ትቆማለች፤ ይህ አክብሮት ነው። መስቀል መሳለምና ጠበል መጠጣት ግን የእምነት ምስክርነት ሆኖ ስለሚቆጠር አታደርገውም። ሰው እንዲቀበላት ብላ ያላመነችበትን ብታደርግ፣ በኋላ ሲታወቅ የተሰበሰበው ቃል ሁሉ በማታለል የተገኘ ይሆናል።

«የየት ሀገር ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከነበረው ጦርነት ወዲህ ከባድ ሆኗል። ሁለቱም በእውነት ይመልሳሉ፤ ተሳታፊው በዚህ ምክንያት ሌላ ጠያቂ ከፈለገ ያለ ማብራሪያ ይቀየርለታል። እያንዳንዱ ከቃለ መጠይቁ በኋላ በዚያው ቀን ግማሽ ገጽ ይጽፋል፦ ምን ያልተጠየቀ ቀረ፣ ለማን አደላሁ፣ የቱ ላይ ፊቴ ተለወጠ። ማስታወሻዎቹን በየሳምንቱ ተለዋውጠው ያነባሉ።

ተሳታፊ ሲያለቅስ መቅጃው ይዘጋል። እርሱ «ቀጥል» ካላለ አይከፈትም፤ ተዘግቶ ሳለ የተባለውም በማስታወሻ አይጻፍም።

ረቂቁ ሲያልቅ ተሳታፊው የራሱን ክፍል ብቻ ይነበብለታል፤ ለማረም 21 ቀን አለው። ሰበካ ጉባኤው የቀንና የሥርዓት ስሕተት እንዲያርም አጠቃላይ ማጠቃለያው ይሰጠዋል፤ «ይህ ይውጣ» ቢል ግን ሐሳቡ በጽሑፍ ይመዘገባል እንጂ በእርሱ ጥያቄ የሚወጣ የምዕመን ቃል የለም።