ለቅዳሜው የምርቃት ምሳ የምግብ መጠንና የአቀራረብ ዝርዝር

ቀን፦ ሰኔ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምግብ ዝግጅት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ሰኔ 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ለሚደረገው የምርቃት ምሳ የሚቀርበውን ምግብ መጠን ስለማሳወቅ

ባለፈው በቃል የተነጋገርነውን በቁጥር አስቀምጠን ልከንልዎታል። «ለ150 ሰው የሚበቃ» የሚለው አነጋገር ለእርስዎም ለእኛም አይበጅም፤ አንዱ ሰው 100 ግራም ሩዝ ይበቃዋል ሲል ሌላው 250 ይላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ክብደት ሁሉ፣ «ጥሬ» ካላልን በስተቀር፣ በስሎ ሳህን ላይ የሚያርፈው ነው።

የሚበሉት 150 ናቸው። 130ዎቹ የአዋቂ መጠን ይወስዳሉ፤ የካሜራና የድምፅ ባለሙያዎች 10 ሰዎችም በዚሁ ውስጥ ተቆጥረዋል። 20ዎቹ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ከአዋቂዎቹ 22ቱ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበሉም። ሦስት ሰዎች ለኦቾሎኒ፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ለስንዴ አለርጂ አለባቸው።

ሩዝ፦ ለአዋቂ 180 ግራም፣ ለልጅ 90 ግራም፤ ድምሩ 25.2 ኪሎ ነው። ጥሬው ሲበስል በክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚሆን 9 ኪሎ ጥሬ ሩዝ መጠባበቂያውን ጨምሮ 27 ኪሎ ይሰጣል። በአንድ ትልቅ ድስት እንዳይሠራ፤ ከታች ያርራል፣ መሃሉ ይላቁጣል፣ ከላይ ሳይበስል ይቀራል። 3፣ 3 ኪሎ አድርጎ በሦስት ድስት ማብሰል ይሻላል። በዋዜማው የተቀቀለ ሩዝ አንቀበልም። ሩዝ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ የሚራባው ተህዋስ የሚያመነጨው መርዝ ምግቡ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም።

ጥብስ ዶሮ፦ ሥጋ ለሚበሉት 108 አዋቂዎች ታፋና እግሩ ያልተለያየ አንዳንድ ቁራጭ፣ ጥሬ ክብደቱ 250 ግራም፣ ሲጠበስ ከነአጥንቱ ከ175 እስከ 185 ግራም የሚቀር። ከ6 መጠባበቂያ ጋር 114 ቁራጭ ወይም 28.5 ኪሎ ጥሬ ይሆናል። ለልጆቹ የታችኛው እግር ብቻ፣ እያንዳንዱ 110 ግራም ጥሬ፣ 20 ፍሬ። በተለይ አደራ የምንለው ቁራጮቹ እኩል እንዲሆኑ ነው። ትልቅና ትንሽ በአንድ ትሪ ሲጠበሱ ትንሹ ይደርቃል፣ ትልቁ አጥንቱ ጋ ደም ያሳያል። በወፍራሙ ቦታ በቴርሞሜትር ሲለካ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት።

የበሬ ሥጋ በስጎ፦ ለአዋቂ 120 ግራም፣ ከዚህ ውስጥ ሥጋው 70 ግራም፤ ለልጅ ግማሹ። የበሰለ ሥጋ 8.26 ኪሎ ያስፈልጋል። አጥንት የሌለው ሥጋ ሲበስል ከክብደቱ ሲሶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚያጣ 13.5 ኪሎ ጥሬ ይገዛ። 3 ሳንቲሜትር በ3 ሳንቲሜትር ይቆረጥ፤ ከዚያ ያነሰው ማሞቂያ ላይ ሲቆይ ይፈራርሳል። ስጎው በዱቄት እንዳይወፍር፤ ስንዴ የማይበሉት ሁለቱም እንዲበሉት በሽንኩርትና በቲማቲም ይወፍር።

ምስር፦ ሥጋ ለማይበሉት 22 ሰዎች 200 ግራም፣ ለቀሩት 108 አዋቂዎች ለቅምሻ 60 ግራም፤ በጠቅላላ 11 ኪሎ፣ ጥሬ ምስሩ 4.2 ኪሎ። ቡፌ ላይ በብዛት የሚበላሸው ይህ ነው፦ ምስሩ ደስ ስለሚል ሥጋ የሚበላውም ይጨልፋል፣ ሌላ ምግብ የሌለው ሰው ተራው ሲደርስ ድስቱ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ 25 ሙሉ ድርሻ (ሦስቱ መጠባበቂያ) በተለየ ድስት፣ በተለየ ጠረጴዛ፣ አንድ አስተናጋጅ ቆሞበት ይቅረብ። ለመጠባበቂያው የሚሆነው 600 ግራም በ11 ኪሎው ላይ ይጨመራል። ቅቤ እንዳይገባበት፤ የሥጋው ጭልፋም እንዳይነካው።

የተጠበሰ አትክልት (ካሮት፣ ድንችና ፎሶሊያ)፦ ሥጋ ለሚበሉ አዋቂዎች 80 ግራም፣ ለማይበሉት 150፣ ለልጆች 50፤ ድምሩ 13 ኪሎ። ልጣጩና በጥብሱ የሚቀንሰው ተደምሮ 19 ኪሎ ያህል መግዛት ይጠይቃል።

ሰላጣ ለአዋቂ 60፣ ለልጅ 30 ግራም፣ 8.4 ኪሎ ነው። ማባያው ለብቻው 2 ሊትር ይምጣ፣ ከመቅረቡ 15 ደቂቃ በፊት እንጂ ቀድሞ አይደባለቅ፤ ጨውና ሎሚ ቅጠሉን ያጠወልጉታል። በማባያውም ሆነ በየትኛውም መጥበሻ የኦቾሎኒ ዘይት እንዳይገባ።

ዳቦ 60 ግራም የሆነ 230 ፍሬ። ፍራፍሬ (ሐብሐብ፣ አናናስ፣ ማንጎ) ተልጦና ተቆርጦ ለሰው 120 ግራም፣ 18 ኪሎ፤ ከገበያ 28 ኪሎ ያህል ነው።

ኬክ 5 በ5 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 5፣ አንዱ ቁራጭ 70 ግራም ያህል። 50 በ40 ሳንቲሜትር የሆነው 80 ቁራጭ፣ 45 በ35 የሆነው 63 ቁራጭ ይወጣዋል። ወተትና እንቁላል የሌለበት 25 በ25 ሳንቲሜትር አንድ ኬክ ደግሞ 25 ቁራጭ ይሰጣል፤ በላዩ ላይ ምልክት ይደረግበት። የጌጡ ክሬም በሙቀት እንዳይወርድ ኬኩ ከመቆረጡ ከግማሽ ሰዓት በፊት ብቻ ከማቀዝቀዣ ይውጣ።

መጠጥ፦ ግማሽ ሊትር ውኃ 228 ጠርሙስ (19 ካርቶን፣ በ12)፤ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 168 (7 ሳጥን፣ በ24)፤ ቡና 100 ሲኒ በ120 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 12 ሊትር፣ በሊትር 60 ግራም የተፈጨ ቡና ቢታሰብ 720 ግራም፤ ሻይ 6 ሊትር።

አቀራረቡን በሚመለከት፣ መጠኑን የሚጠብቀው ጭልፋው ነው። ለሩዝ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጭልፋ፣ አፉ ተስተካክሎ አንዴ፤ ለስጎው 120 ሚሊ ሊትር፤ ለምስሩ ቅምሻ 60። ሰው ራሱ ከጨለፈ የመጀመሪያዎቹ 40 ሰዎች የ60 ሰው ምግብ ይወስዳሉና ሩዝ፣ ዶሮና ስጎ በአስተናጋጅ ይቅረቡ፤ ሰላጣና ዳቦ በራስ ይነሳ። ሳህኑ ከ27 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ 165 ይምጣ። ሁለት ሰልፍ ከተዘረጋ እያንዳንዱ በደቂቃ ሦስት ሰው ቢያሳልፍ ሁሉም በ25 ደቂቃ ይስተናገዳል።

ምግቡ 5:45 ይድረስ፣ ጠረጴዛው 6:30 ያልቅ፣ ምሳው 7:00 ይጀመራል። ንግግሮቹ መርዘማቸው አይቀርም፤ ስለዚህ እስከ 7:45 ድረስ ትኩስ የሆነውን ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛውን ከ5 ዲግሪ በታች የሚይዝ ዕቃ ይዘው ይምጡ። መጀመሪያ ግማሹ ብቻ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፤ ቀሪው በተዘጋ ማቆያ ይቆይ። ከማሞቂያ ወይም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ምግብ ለማንም አይታሸግም፣ ይጣላል።

ምግቡ ሲደርስ የእኛ ሰው በሚዛን ያረጋግጣል። የባዶ ዕቃዎቹን ክብደት በላያቸው ላይ ጽፈው ቢያመጡ ሥራው በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ከተጻፈው እስከ 3 በመቶ መጉደል እንቀበላለን፤ የዶሮና የኬክ ቁጥር ግን መጉደል የለበትም።

የመጨረሻውን የሰው ቁጥር ረቡዕ ሰኔ 24 እናሳውቃለን፤ ለውጡ ከ10 ሰው አይበልጥም። ከዚህ ዝርዝር የማይሠራ ወይም የሚበዛ የመሰለዎት ካለ ግብዓት ከመግዛትዎ በፊት፣ እስከ ሰኔ 19 ድረስ በጽሑፍ ይመልሱልን።

ከሰላምታ ጋር
የተመራቂዎች ወላጆች የምሳ ዝግጅት ኮሚቴ